ከለቀቁት ይጠይቁ፦ በሊንክድኢን ስለ አንድ መሥሪያ ቤት እውነቱን የሚነግርዎትን ሰው የማግኛ መንገድ

አንድ ድርጅት ውስጥ ለመቀጠር ያሰበ ሰው ሊንክድኢን ላይ ገብቶ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጽፈው ለቅጥር ክፍሉ ባለሙያ ነው። መልስ ያገኛል፤ መልሱ ግን ከሥራ ማስታወቂያው እምብዛም አይለይም። ሰውየው የሚከፈለው ክፍት ቦታውን እንዲሞላ ስለሆነ አይፈረድበትም። ቀጥሎ የሚጻፈው አሁን እዚያው ለሚሠራ ሰው ነው። እሱ ደግሞ የማያውቀው ሰው በላከለት መልእክት ላይ ስለ አለቃው የልቡን ቢጽፍ የሚጎዳው ራሱን ነው።

ስለዚህ ሰው ሲመርጡ ሁለት ጥያቄ ይዘው ይነሱ። ይህ ሰው እኔ የምገባበትን ቡድን በቅርብ ያውቀዋል? እውነቱን መናገርስ ምን ያስከፍለዋል? ለመጀመሪያው «አዎ»፣ ለሁለተኛው «ምንም» የሚል መልስ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድርጅቱን ከለቀቀ ከግማሽ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል የሆነው ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ንዴቱ ወይም ናፍቆቱ አልበረደለት ይሆናል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነ ደግሞ የሚያውቃቸው አለቆች ሳይቀሩ ተለውጠው ሊሆን ይችላል። ይህ መመሪያ ያንን ሰው እንዴት ለይቶ ማውጣት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ለምሳሌ እንዲመች አንድ ሁኔታ እናስብ። ድርጅቱን «ሀ» እንበለው። የሚያመለክቱት ለዳታ አናሊስት ቦታ ነው። ሊንክድኢን ላይ ድርጅቱ 340 ሠራተኛ እንዳለው ያሳያል።

መጀመሪያ የራስዎን ዱካ ይሸፍኑ

ሊንክድኢን ላይ የሰው ፕሮፋይል ሲከፍቱ ባለቤቱ ማን እንዳየው ሊያውቅ ይችላል። በአንድ ማታ የአንድን ቡድን 15 ሰዎች ከከፈቱ ነገ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ስምዎ መነሳቱ አይቀርም። አሁን ሥራ ላይ ያሉ ከሆነ ደግሞ ወሬው ወደ ራስዎ አለቃም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጥናቱን ከመጀመርዎ በፊት Settings & Privacy፣ ከዚያ Visibility፣ ከዚያ Profile viewing options ውስጥ ገብተው Private mode የሚለውን ይምረጡ። በነፃው አካውንት ይህን ሲያደርጉ እርስዎም የእርስዎን ፕሮፋይል ማን እንዳየ ማወቅ አይችሉም። ለጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ ብዙም አይጎዳም።

እዚያው Visibility ውስጥ እያሉ የግንኙነት ዝርዝርዎን ሌሎች እንዳያዩት ይዝጉት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ድርጅት አራት ሰው ወዳጅ ካደረጉ ዝርዝሩን የሚያይ ሰው ምን እያሰቡ እንደሆነ ለመገመት አይቸገርም። ዝርዝሩን ቢዘጉም የጋራ ወዳጆች መታየታቸው እንደማይቀር ግን ይወቁ። መልእክት መላክ ሲጀምሩ ደግሞ Private mode የሚለውን መልሰው ያጥፉት፤ ማንነቱን የደበቀ ጠያቂ እምነት አይጣልበትም።

አሁን ያሉትን ማየት፦ ለካርታ እንጂ ለመጠየቅ አይደለም

የድርጅቱን ገጽ ይክፈቱና People የሚለውን ይጫኑ። ሠራተኞቹ የት እንደሚኖሩ፣ የት እንደተማሩ፣ ምን እንደሚሠሩ የሚያሳዩ ዘንጎች ይመጣሉ። ዘንጉን ሲጫኑ ዝርዝሩ በዚያ ይጣራል። በመፈለጊያው ሳጥን data ብለው ይጻፉ። በምሳሌያችን 14 ሰው መጣ እንበል። ከነዚህ ውስጥ የቡድኑን ኃላፊ ይለዩ። ማስታወቂያው ላይ «ለዳታ ኃላፊው ተጠሪ» ይላል? እንግዲያው ያ ስም የጥናቱ ምሰሶ ነው። ፕሮፋይሉን ከፍተው ሦስት ነገር ይጻፉ፦ መቼ ገባ፣ ከዚያ በፊት የት ነበር፣ እዚያስ ከመቼ እስከ መቼ። በምሳሌያችን ኃላፊው ከገባ 20 ወሩ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ማመን አያስፈልግም። 340 የሚለው ፕሮፋይል ያላቸውና ድርጅቱን ከዝርዝሩ መርጠው ያስገቡ ሰዎች ብዛት ነው እንጂ የደመወዝ መዝገብ አይደለም። የድርጅቱን ስም በእጁ ጽፎ ከገጹ ጋር ያላገናኘ ሰው አይቆጠርም። ከለቀቀ ቆይቶ ፕሮፋይሉን ያላደሰ ደግሞ አሁንም እንዳለ ይታያል። እንዲህ ያለው ሰው የሚታወቀው በፕሮፋይሉ አናት ላይ ስለ ራሱ የጻፈው መስመር ወይም በቅርብ ያጋራቸው ነገሮች ከሥራ ዝርዝሩ ጋር ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። እህት ድርጅቶች የየራሳቸው ገጽ ሊኖራቸው እንደሚችልም ልብ ይበሉ፤ የሚፈልጉት ቡድን በሌላ ስም ሥር ተመዝግቦ ይሆናል።

የለቀቁትን ማውጣት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። በላይኛው መፈለጊያ የሚከተለውን ይጻፉ፤ OR በትልቅ ፊደል፣ ሁለት ቃል የሆነው ስም በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይሁን፦

```
"data analyst" OR "data scientist" OR analytics
```

ከዚያ People የሚለውን ይምረጡና All filters ውስጥ ገብተው Past company ላይ «ሀ»ን ያስገቡ። እዚያው ውስጥ Title የሚል ሳጥን ያገኛሉ፤ ይተዉት። ያ ሳጥን ብዙውን ጊዜ የሚያየው ሰውየው አሁን ያለበትን የሥራ ስም ነው። ትናንት ዳታ አናሊስት የነበረና ዛሬ ሌላ ቦታ የፕሮዳክት ኃላፊ የሆነ ሰው በዚያ ማጣሪያ ያመልጥዎታል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በጣም የሚጠቅመው እሱ ነው።

የሚመጣውን ዝርዝር ሁሉ እንደ ለቀቀ አይቁጠሩ። በዚያው ድርጅት ውስጥ ከአንድ መደብ ወደ ሌላ ያደገ ሰውም አንዳንዴ እዚህ ይገባል። Experience የሚለውን ክፍል ወርዶ ማየት ግድ ነው።

በነፃው አካውንት በወር ማድረግ የሚቻለው ፍለጋ ገደብ አለው። ሲሞላ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ገደቡ የሚታደሰው አዲሱ ወር ሲገባ ነው። ስለዚህ ሃምሳ ትናንሽ ፍለጋ ከማድረግ በደንብ የተሠራ አንድ ፍለጋ ይሻላል። ገደቡ ከሞላ ወይም ውጤቱ ላይ በስም ፈንታ LinkedIn Member የሚል ከበዛ በጎግል በኩል ይሂዱ፤ company name በሚለው ቦታ የድርጅቱን ስም ይጻፉ፦

```
site:linkedin.com/in "company name" "data analyst"
```

ጎግል ያለፈውንና የአሁኑን አይለይም፤ ግን ከኔትወርክዎ ውጪ ያሉ ሰዎችን ስም ያወጣል። ፕሮፋይሎችን በጅምላ የሚያወርዱ ፕሮግራሞችን ግን አይጠቀሙ። የሊንክድኢን ደንብ ይከለክላቸዋል፣ አካውንትም ያሳግዳሉ፤ ደግሞም ለሃያ ሰው ማሽን አያስፈልግም።

ቀኖቹን ማንበብ

አሁን ወረቀት ወይም ኤክሴል ይክፈቱ። ለእያንዳንዱ ሰው የገባበትን ወር፣ የወጣበትን ወር፣ ቀጥሎ የሄደበትንና ከእርስዎ ጋር በስንተኛ ደረጃ እንደሚገናኝ ይጻፉ። ሌላ አያስፈልግም። ከዚያ በወጡበት ወር ቅደም ተከተል ይደርድሩ።

በምሳሌያችን ከዳታ ቡድኑ የለቀቁ ዘጠኝ ሰዎች ተገኙ። ሁለቱ የወጡት አሁን ያለው ኃላፊ ከመምጣቱ በፊት ነው። የቀሩት ሰባት በእሱ ዘመን ወጥተዋል። በ20 ወር ሰባት ሰው ሲባል ያስደነግጣል፣ ብዙ ሰውም እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቀኑ ሲታይ ግን ከሰባቱ አራቱ የወጡት በአንድ ወር፣ ከ11 ወር በፊት ነው። ሰው በአለቃ ሲማረር በየተራ እንጂ ባንድ ወር ተሰልፎ አይወጣም። ለማረጋገጥ ሌላ ክፍል፣ ለምሳሌ ሽያጭን፣ በዚያው መንገድ ፈልገው በዚያ ወር ስንት ሰው እንደወጣ ይዩ። እዚያም ስድስት ሰው ከወጣ ነገሩ የሠራተኛ ቅነሳ ነው፤ ጥያቄው ስለ ኃላፊው ሳይሆን ስለ ድርጅቱ ገንዘብ ይሆናል። ሽያጭ ክፍል ማንም ካልወጣ ግን አራቱ የወጡበትን ምክንያት ከዚያው ቡድን ውስጥ መፈለግ ነው። በምሳሌያችን ቅነሳ ነበር እንበል።

የቀሩት ሦስቱ በየግላቸው የወጡ ናቸው። አንዷ ለስድስት ወር ብቻ ሠርታ ከ14 ወር በፊት ወጥታለች፤ መደቧ ላይ Intern ይላል። ይህ የተለማማጅነት ጊዜዋ አልቆ ነው እንጂ ሸሽታ አይደለም። በኮንትራት የሠሩትም እንደዚሁ ናቸው፤ አጭር ቆይታ ሁሉ መጥፎ ምልክት አይደለም።

ሁለተኛው ሰው ሁለት ዓመት ተኩል ሠርቶ የወጣው ከስምንት ወር በፊት ነው። ሒሳቡን ያስሉት፦ የገባው ከ38 ወር በፊት ነው፤ ኃላፊው የመጣው ከ20 ወር በፊት ነው። እንግዲህ ከቀድሞው ኃላፊ ጋር 18 ወር፣ ከአሁኑ ጋር 12 ወር ሠርቷል ማለት ነው። ሁለቱንም ዘመን ያየ፣ ቅነሳውንም ተርፎ ያለፈ ሰው ነው። ከዝርዝሩ ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ማናገር የሚችሉ ቢሆን እሱን ነው መምረጥ ያለብዎት፤ ማነጻጸሪያ ያለው ሰው «ከባድ ነበር» ሲል ከምን አንጻር እንደሆነ ያውቃልና።

ሦስተኛዋ ዘጠኝ ወር ሠርታ ከአምስት ወር በፊት ወጥታለች፤ የሄደችውም ሌላ ቦታ በዚያው የሥራ ስም ነው፣ ሹመት የለውም። በአሁኑ ኃላፊ የተቀጠረች ስለሆነች በቃለ መጠይቅ ምን ቃል እንደተገባላትና ገብታ ምን እንዳገኘች ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ያለ እድገት በዘጠኝ ወር መውጣት አንድ ነገር ይጠቁማል፤ ምን እንደሆነ ግን ከፕሮፋይል አይነበብም፤ ቤተሰብም፣ ደመወዝም፣ አለቃም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው መጠየቅ የሚያስፈልገው።

ከተቀነሱት አራቱ አንዱን በሦስተኛነት ይያዙት። ስለ ቅነሳው አሠራር፣ አስቀድሞ ተነግሯቸው እንደሆነና እንዴት እንደተሰናበቱ፣ እሱ ይነግርዎታል። ስለ ሰዎች የሚሰጠውን ፍርድ ግን በጥንቃቄ ይስሙት።

ብዙዎች የማያዩት ሁለት ቦታ

አንደኛው፣ አሁንም «ሀ» ውስጥ ያለ ነገር ግን ከዳታ ቡድኑ ወደ ሌላ ክፍል የተዛወረ ሰው ነው። People ገጹ ላይ በአሁኑ የሥራ ስሙ ስለሚታይ data ብለው ሲፈልጉ ላይወጣ ይችላል፤ ከ Past company ዝርዝር ውስጥ ግን አንዳንዴ ያገኙታል። ቡድኑን ያውቃል፣ በኃላፊው ሥር ግን አይደለም። የድርጅቱን ጥቅም ወይም የሥራ ሰዓት ሲጠይቁት ይናገራል፤ ስለ ኃላፊው ግን አይግፉት፣ ነገም ስብሰባ ላይ ይገናኛሉ።

ሁለተኛው ደግሞ ሊንክድኢን ብቻ የሚሰጠው ዕድል ነው። ኃላፊው ከ«ሀ» በፊት የሠራበትን ድርጅትና ዘመኑን ጽፈዋል አይደል? አሁን Past company ላይ ያንን ድርጅት ያስገቡና በተመሳሳይ ጊዜ በዳታ ቡድኑ ውስጥ የነበሩትን ይፈልጉ። እነዚህ ሰዎች በዚያው አለቃ ሥር ሠርተዋል፤ ከ«ሀ» ጋር ግን ምንም ጉዳይ የላቸውም፣ ስለዚህ አፋቸው ፈታ ያለ ነው። አለቃ መሥሪያ ቤት ሲቀይር አመሉን ጥሎ አይሄድም። የኃላፊው ፕሮፋይል ግርጌ Recommendations የሚል ክፍል ካለም ይዩት። እዚያ ያለው ሁሉ ምስጋና ነው፤ ጥቅሙ ማን በእሱ ሥር እንደሠራ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ መጻፉ ነው። ከአመስጋኞቹ ይልቅ በዚያው ቡድን የነበረው ግን ያልጻፈው ሰው ብዙ ጊዜ ሚዛናዊ ይሆናል።

መልእክቱ

በመሃል የጋራ ወዳጅ ካለ መጀመሪያ ለእሱ ይጻፉ፤ ነገር ግን «አገናኘኝ» ከማለት በፊት «በደንብ ትተዋወቃላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ሊንክድኢን ላይ ወዳጅ መሆን ማለት አንድ ቀን አንዱ ጠይቆ ሌላው ተቀበለ ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። የጋራው ወዳጅ ከቡድኑ ኃላፊ ጋርም የሚቀራረብ ከሆነ በእሱ በኩል መሄዱን ይተዉት።

የጋራ ወዳጅ ከሌለ Connect ብለው አጭር ማስታወሻ ያክሉ። ነፃው አካውንት በወር የሚፈቅደው ማስታወሻ ጥቂት ነው፤ ርዝመቱም የተገደበ ስለሆነ ከ200 ፊደል አይለፉ። ማስታወሻዎቹን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዎች ይቆጥቡ። ለዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ለሠራው ሰው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ‹ሀ› ውስጥ ለዳታ አናሊስት ቦታ ላመለክት እያሰብኩ ነው። እዚያ ከሁለት ዓመት በላይ እንደሠሩ አየሁ። ስለ ቡድኑ አሠራር 15 ደቂቃ በስልክ ቢያነጋግሩኝ ደስ ይለኛል። ሥራ እንዲያስገቡኝ አይደለም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ብትመስልም ሥራ ትሠራለች። የማያውቁት ሰው ሲጽፍላቸው ሰዎች የሚፈሩት «አስቀጥረኝ» መባልን ነው፤ የለቀቁ ከሆነ ደግሞ ይህን ማድረግ አይችሉም። ማስታወሻው ላይ «እውነቱን ይንገሩኝ»፣ «ለምን ለቀቁ» ወይም «አለቃው እንዴት ነው» ብለው አይጻፉ። የተጻፈ ነገር ስክሪንሾት ይሆናል፣ እነሱም ያውቁታል፤ በጽሑፍ የሚመጣው መልስ ለዚህ ነው ውሃ ውሃ የሚለው። ጥሪውን ተቀብሎ ዝም ያለ ሰው ካለ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱት። ከዚያ ወዲያ ይለፉት። ከአራት ሰው አንዱ ቢመልስ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም፤ ዝርዝሩ ስድስት ሰባት ሰው እንዲሆን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

15 ደቂቃዋ

«ድርጅቱ እንዴት ነው?» ለሚል ጥያቄ «ጥሩ ነው» የሚል መልስ ነው የሚመጣው። የሆነውን ነገር የሚያስተርክ ጥያቄ ይጠይቁ። «ሥራ ወደ ቡድኑ የሚመጣው በምን መንገድ ነው? ማን ነው ቅድሚያ የሚሰጠው?» «የመጨረሻው አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ ምን ሆነ?» «ሪፖርታችሁ ላይ ስሕተት ሲገኝ ማን ነበር ለአመራሩ የሚያስረዳው?» በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ስለ ኃላፊው ባሕርይ ስሙን ሳያነሱ ብዙ ይሰማሉ። ሰውየው ከተዝናና በኋላ ይህችን ያክሉ፦ «ዛሬ ቢጠሩዎት ይመለሳሉ?» መልሱን ብቻ ሳይሆን ከመመለሱ በፊት ያለውን ዝምታም ያዳምጡ። «በሌላ ክፍል ቢሆን እመለሳለሁ» ካለ ሁሉንም ነግሮዎታል።

ለምን እንደለቀቀ እሱ ራሱ ካላነሳው አያንሱበት። አንዳንድ ሰው ሲወጣ ስለ ድርጅቱ ክፉ ላለመናገር ወይም ምሥጢር ለመጠበቅ ፈርሞ ይሆናል፤ «ስለዚያ ባልናገር ይሻላል» ማለቱ ብቻውን የምንም ማስረጃ አይደለም። የደንበኛ ስም፣ የሽያጭ ቁጥር ወይም የውስጥ እቅድም አይጠይቁ፤ ለእርስዎ ውሳኔ አይጠቅምም፣ እሱን ግን ሊያስጠይቀው ይችላል።

የአንድ ሰው ቃል ላይ አይቁሙ። እርስ በርስ የማይቀራረቡ ሁለት ሰዎች፣ ለምሳሌ ሁለቱንም ዘመን ያየውና ኃላፊው በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ያሠራው ሰው፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ «ቅዳሜ ማታ መልእክት ይልካል» ካሉ ነገሩ አለ ማለት ነው። አብረው የወጡና ዛሬም አንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ሁለት ሰዎች ቢነግሩዎት ግን እንደ አንድ ድምፅ ይቁጠሩት፤ ታሪኩን ሻይ ላይ ደጋግመው ስላወሩት አንድ ዓይነት ሆኗል። ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ነገር ካሉ ደግሞ ከመሃላቸው ማን እንደዋሸ ለመፈለግ አይቸኩሉ፤ ወደ ሠንጠረዡ ተመልሰው የሠሩበትን ወራት ያስተያዩ። ብዙ ጊዜ አንዱ ከቅነሳው በፊት ያለውን፣ ሌላው ከቅነሳው በኋላ ያለውን እየነገረዎት ነው።

የሰሙትን ወደ ቃለ መጠይቁ ሲወስዱ በጥያቄ መልክ ይለውጡት። «ሰዎች ቶሎ ይለቃሉ ሲባል ሰማሁ» ብሎ መጀመር ማን እንደነገረዎት ያስጠረጥራል፤ በትንሽ ቡድን ውስጥ ደግሞ ጥርጣሬው በአንድ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። ይልቅ «ይህ ቦታ አዲስ ነው ወይስ በሰው ምትክ? በእሱ ቦታ የነበረው ሰው ምን ያህል ቆየ?» ይበሉ። መልሱ አስቀድሞ በሠንጠረዥዎ ላይ ስላለ፣ የሚሰሙት ቁጥሩን ሳይሆን ኃላፊው እንዴት አድርጎ እንደሚመልሰው ይሆናል።